ኪራይ የብድር ሌላ መልክ ነው፦ መሣሪያን የመግዛትና የመከራየት ምርጫ ከግብር በኋላ ባለ የብድር ወጪ ሲመዘን

(ለፋኩልቲው ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። አንድ ድርጅት ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ ተበድሮ ይግዛ ወይስ ከአከራይ ተከራይቶ ይገልገልበት? ጥያቄው ሲታይ ቀላል ነው። የኪራዩን ክፍያና የግዢውን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ይመስላል። ሆኖም በአዋጭነት ጥናቶችም ሆነ በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ስሌቱ ሲሳሳት የሚሳሳተው በመደመርና በመቀነስ አይደለም። የሚሳሳተው የነገውን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ለመመለስ በሚመረጠው ምጣኔ፣ ማለትም ዲስካውንት ሬት በምንለው ቁጥር ላይ ነው። ዛሬ ማሳየት የምፈልገው ይህ ምጣኔ ከግብር በኋላ ያለ የብድር ወጪ መሆን ያለበት ለምን እንደሆነና ሌላ ምጣኔ ሲገባ ውሳኔው እንዴት እንደሚገለበጥ ነው።

ሁለት ጥያቄዎችን መለየት

ከስሌቱ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን እንለያይ። የመጀመሪያው መሣሪያው ያስፈልገናል ወይ የሚለው ነው። ይህ የኢንቨስትመንት ጥያቄ ነው፤ መሣሪያው የሚያስገኘው ገቢ፣ የገበያው ሁኔታና የሥራው ሥጋት ይመዘኑበታል። በዚህ ደረጃ የድርጅቱ አማካይ የካፒታል ወጪ ተገቢ መለኪያ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ መሣሪያው እንደሚያስፈልግ ከተወሰነ በኋላ በምን መንገድ እናግኘው የሚለው ነው። ይህ የፋይናንስ ጥያቄ ነው። ቢገዛም ቢከራይም መሣሪያው የሚሠራው ሥራና የሚያስገባው ገቢ አንድ ዓይነት ስለሆነ ገቢው ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። የሚቀረው ወጪ ብቻ ነው። የዛሬው ጉዳያችን ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የክሊኒኩ ጉዳይ

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ቁጥሮቹ ለትምህርት የመረጥኋቸው ናቸው፤ የግብር ደንቦቹ ግን የአገራችን ናቸው። በአዲስ አበባ የሚገኝ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ የተቋቋመና ትርፋማ የሆነ ክሊኒክ ዲጂታል የራጅ መሣሪያ ይፈልጋል እንበል። ዋጋው 10,000,000 ብር ነው። ክሊኒኩ ከባንክ በ15 በመቶ ወለድ መበደር ይችላል። በሌላ በኩል አንድ አከራይ መሣሪያውን ለ5 ዓመት በዓመት 2,300,000 ብር ሊያከራየው ተዘጋጅቷል፤ ኪራዩ የሚከፈለው በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሲሆን ውሉ ከመካከል አይቋረጥም። በሁለቱም መንገድ ጥገናውን የሚሸፍነው ክሊኒኩ ስለሆነ የጥገና ወጪ በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ስሌቱ እንዳይወሳሰብ የተጨማሪ እሴት ታክስንም ትተነዋል።

በፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት እንዲህ ያለ ድርጅት በንግድ ሥራ ገቢው ላይ 30 በመቶ ግብር ይከፍላል። በደንብ ቁጥር 410/2009 ደግሞ በተለየ ምድብ ያልተጠቀሱ መሣሪያዎች በቀጥተኛ መስመር ዘዴ በዓመት 15 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ይያዝላቸዋል። ከ5 ዓመት በኋላ ክሊኒኩ መሣሪያውን ቢሸጠው 3,000,000 ብር ያወጣል ብለን እንገምታለን። የግብር ቁጠባዎቹ ሁሉ በየዓመቱ መጨረሻ እንደሚገኙም እንያዝ።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ስሌቱ የሚሠራው የኪራይ ክፍያው ሙሉ በሙሉ ከግብር በፊት ተቀናሽ ወጪ ሆኖ ሲያዝ ነው። ውሉ በስም ኪራይ ሆኖ በይዘቱ ግዢ ከሆነ፣ ለምሳሌ በመጨረሻ መሣሪያው በስም ብቻ በሚከፈል ዋጋ ለተከራዩ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ለግብር ሲባል ተከራዩ እንደ ባለቤት ሊታይ ይችላል። ያን ጊዜ የሚቀነስለት የእርጅና ቅናሽና ወለድ እንጂ ኪራዩ አይደለም። ስለዚህ ካልኩሌተሩን ከማንሳት በፊት ውሉን ማንበብ ይቀድማል።

የመግዛት ወጪ

ክሊኒኩ ከግብር በፊት በ15 በመቶ ይበደራል። ነገር ግን የሚከፍለው ወለድ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ስለሚቀነስ ከእያንዳንዱ 100 ብር ወለድ 30 ብሩ በግብር ቅነሳ ይመለስለታል። ስለዚህ እውነተኛው የብድር ወጪ 15 በመቶ ሲባዛ በ0.7፣ ማለትም 10.5 በመቶ ነው። የምንጠቀመው ምጣኔ ይህ ነው።

ሲገዛ ዛሬ 10,000,000 ብር ይወጣል። በየዓመቱ 1,500,000 ብር የእርጅና ቅናሽ ስለሚያዝ 450,000 ብር ግብር ይቆጠባል። ይህ የ5 ዓመት ቁጠባ በ10.5 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመለስ 1,684,286 ብር ነው። በ5ኛው ዓመት መጨረሻ የመሣሪያው የመዝገብ ዋጋ 2,500,000 ብር ይሆናል። በ3,000,000 ብር ሲሸጥ የ500,000 ብር ትርፍ ስለሚገኝ 150,000 ብር ግብር ይከፈልበትና 2,850,000 ብር ይቀራል። የዚህ የዛሬ ዋጋ 1,729,950 ብር ነው። ሁለቱን ከዋጋው ስንቀንስ የመግዛት ወጪ በዛሬ ዋጋ 6,585,764 ብር ይሆናል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «ክሊኒኩ የሚገዛው ተበድሮ ከሆነ የባንኩ ወለድ የት ገባ?» መልሱ በምጣኔው ውስጥ ገብቷል የሚል ነው። ክሊኒኩ 10,000,000 ብር ተበድሮ በየዓመቱ ወለዱን ብቻ እየከፈለ ዋናውን ገንዘብ በ5ኛው ዓመት መጨረሻ ቢመልስ፣ ከግብር በኋላ በየዓመቱ የሚያወጣው 1,050,000 ብር ነው። ይህንና በመጨረሻ የሚመለሰውን 10,000,000 ብር በ10.5 በመቶ ወደ ዛሬ ብንመልሳቸው ድምራቸው ያው 10,000,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ የመሣሪያውን ዋጋ ከያዝን በኋላ ወለዱን በተጨማሪ ወጪነት ብንደምር አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ ቆጥረናል፤ መግዛትም ያለአግባብ ውድ ሆኖ ይታያል።

የመከራየት ወጪ

ሲከራይ ክሊኒኩ ዛሬና በቀጣዮቹ አራት ዓመታት መጀመሪያ 2,300,000 ብር ይከፍላል። የአምስቱ ክፍያዎች የዛሬ ዋጋ 9,512,474 ብር ነው። እያንዳንዱ ክፍያ 690,000 ብር ግብር ያስቀራል፤ ይሁን እንጂ ቁጠባው የሚገኘው ኪራዩ በተከፈለበት ቀን ሳይሆን በዓመቱ መጨረሻ ነው። የቁጠባዎቹ የዛሬ ዋጋ 2,582,572 ብር ነው። ስንቀንሰው የመከራየት ወጪ 6,929,902 ብር ይሆናል።

በዚህ መሠረት መግዛት በ344,138 ብር ይረክሳል። የኪራዩን ክፍያ እየቀነስን ሁለቱ ወጪዎች እኩል የሚሆኑበትን ነጥብ ብንፈልግ በዓመት 2,185,782 ብር ገደማ እናገኛለን። ይህ ለድርድር የሚሆን ቁጥር ነው። አከራዩ ከዚህ በታች ከወረደ ኪራዩ ይመረጣል፤ ካልወረደ አይመረጥም።

ለምን የብድር ወጪ? አቻ ብድር

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ። ማይርስ፣ ዲልና ባውቲስታ በ1976 እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በጆርናል ኦፍ ፋይናንስ ባሳተሙት ጽሑፍ የኪራይ ውልን ዋጋ ሲያሰሉ የተነሡት ኪራይ የድርጅቱን የመበደር አቅም ይተካል ከሚል ሐሳብ ነው። ከዚህ ሐሳብ የሚመነጨው አቻ ብድር የሚባለው መንገድ ነው። በእኛ ምሳሌ እንመልከተው።

ክሊኒኩ ከመግዛት ይልቅ ቢከራይ ምን ይለወጣል? ዛሬ 10,000,000 ብር ከማውጣት ይድናል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ኪራይ 2,300,000 ብር ይከፍላል። ስለዚህ ዛሬ በእጁ የሚቀረው ትርፍ ገንዘብ 7,700,000 ብር ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ዓመታት መጨረሻ በእያንዳንዱ ላይ የሚቀጥለውን ኪራይ 2,300,000 ብር ይከፍላል፣ ከኪራዩ የሚገኘውን 690,000 ብር የግብር ቁጠባ ያገኛል፣ ቢገዛ ኖሮ ያገኘው የነበረውን 450,000 ብር የእርጅና ቁጠባ ደግሞ ያጣል። ተጣርቶ በዓመት 2,060,000 ብር ይወጣል። በ5ኛው ዓመት መጨረሻ የሚከፈል ኪራይ የለም። ሆኖም 690,000 ብር ያገኝና የእርጅና ቁጠባውን 450,000 ብርና ከመሣሪያው ሽያጭ ይመጣ የነበረውን 2,850,000 ብር ያጣል። ተጣርቶ 2,610,000 ብር ይሆናል።

ይህን ዝርዝር ስሙን ሳትሰሙ ብታዩት ምን ትሉታላችሁ? ዛሬ ገንዘብ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በተወሰኑ ቀናት የተወሰነ ገንዘብ ይወጣል። ይህ ብድር ነው። ክሊኒኩ ሲከራይ ከአከራዩ 7,700,000 ብር እንደ ተበደረ ይቆጠራል። እንግዲያው ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ክሊኒኩ ለባንኩ ልክ እነዚህኑ ክፍያዎች ለመክፈል ቃል ቢገባ ባንኩ ዛሬ ስንት ያበድረው ነበር?

መልሱ 8,044,138 ብር ነው። በደረጃ እናረጋግጥ። በመጀመሪያው ዓመት የባንኩ ወለድ 1,206,621 ብር ሲሆን ከግብር በኋላ 844,634 ብር ነው። ክሊኒኩ ከግብር በኋላ 2,060,000 ብር ሲያወጣ ቀሪው ዕዳ 6,828,772 ብር ይሆናል። በዚሁ አካሄድ ከ2ኛው ዓመት በኋላ 5,485,793 ብር፣ ከ3ኛው በኋላ 4,001,801 ብር፣ ከ4ኛው በኋላ 2,361,990 ብር ይቀራል። በ5ኛው ዓመት የመጨረሻው 2,610,000 ብር ሲከፈል ዕዳው ያልቃል።

እንግዲህ ክሊኒኩ ለአንድ ዓይነት የክፍያ ግዴታ ከባንኩ 8,044,138 ብር፣ ከአከራዩ ግን 7,700,000 ብር ያገኛል። ልዩነቱ 344,138 ብር ነው። ቀደም ሲል በዛሬ ዋጋ ዘዴ ካገኘነው ልዩነት ጋር አንድ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከግብር በኋላ ባለ የብድር ወጪ ወደ ዛሬ መመለስ ማለት ራሱ አቻውን ብድር መፈለግ ማለት ነው። ምጣኔው የተመረጠው በልማድ ሳይሆን የኪራይ ክፍያ ተፎካካሪው የብድር ክፍያ ስለሆነ ነው።

የተሳሳተ ምጣኔ ምን ያደርጋል?

የክሊኒኩ አማካይ የካፒታል ወጪ 22 በመቶ ነው እንበል። አንድ ተንታኝ «ድርጅቱ ለሁሉም ነገር የሚጠቀምበት ምጣኔ ይህ ነው» ብሎ ይህንኑ ቢያስገባ የመግዛት ወጪ 7,656,864 ብር፣ የመከራየት ወጪ 6,059,462 ብር ይሆንለታል። መከራየት በ1,597,402 ብር የረከሰ ይመስላል። አንድም ውል፣ አንድም ክፍያ ሳይለወጥ ውሳኔው ተገለበጠ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መግዛት ወጪውን ዛሬ ላይ ያከማቻል፤ መከራየት ወደ ነገ ይገፋዋል። ምጣኔው ከፍ ባለ ቁጥር ነገ የሚከፈለው ስለሚያንስ ክፍያን የሚያዘገይ ሁሉ ርካሽ ይመስላል። ይህ አመክንዮ ስሕተት መሆኑን ለማየት በተራ ብድር ላይ እንሞክረው። ቀደም ሲል ያየነውን የ10,000,000 ብር ብድር ከግብር በኋላ ያሉትን ክፍያዎች በ22 በመቶ ብንመልሳቸው የዛሬ ዋጋቸው 6,706,814 ብር ብቻ ይሆናል። እንግዲህ በዚህ አቆጣጠር ክሊኒኩ ባንክ ሄዶ በመበደሩ ብቻ ከ3,290,000 ብር በላይ አተረፈ ማለት ነው። በመደበኛ ወለድ መበደር ብቻውን ማንንም ባለጸጋ አያደርግም። በብድር ላይ ይህን የመሰለ ውጤት የሚሰጥ ምጣኔ በኪራይ ላይም ሊታመን አይገባም።

ይህ ስሕተት በአንድ ሥራ ላይ መኖሩን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። የጥናቱን ምጣኔ ወስዳችሁ የድርጅቱን የራሱን የባንክ ብድር በዚያው መዝኑ። የዛሬ ዋጋው ከተበደረው ገንዘብ ጋር እኩል ካልመጣ ምጣኔው ለዚህ ጥያቄ አይሆንም።

የሽያጩ ዋጋ ግን ብድር አይደለም

እስካሁን ሁሉንም ክፍያዎች በአንድ ምጣኔ መለስን። ነገር ግን አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። ኪራዩ በውል የታሰረ ነው፤ የግብር ቁጠባዎቹም ክሊኒኩ ትርፋማ እስከ ሆነ ድረስ እርግጠኛ ናቸው ማለት ይቻላል። ከ5 ዓመት በኋላ ያገለገለ የራጅ መሣሪያ በ3,000,000 ብር ይሸጣል የሚለው ግን ግምት ነው። በመካከሉ አዲስ ሞዴል ሊመጣ፣ መለዋወጫ ሊጠፋ፣ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል ሊበላሽ ይችላል። ለዚህም ነው ብዙ መማሪያ መጻሕፍት ይህን አንድ ገቢ ብቻ ከፍ ባለ ምጣኔ እንድንመልስ የሚመክሩት።

እኔ ከዚያ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የማገኘው መንገድ ጥያቄውን መገልበጥ ነው። የሽያጩ ዋጋ ስንት ቢሆን ሁለቱ ምርጫዎች እኩል ይሆናሉ? ዋጋው በ1 ብር በቀነሰ ቁጥር ከግብር በኋላ 70 ሳንቲም ይጠፋል፤ በዛሬ ዋጋ 42 ሳንቲም ተኩል ያህል ማለት ነው። ስለዚህ የ344,138 ብሩን ብልጫ ለመብላት የሽያጩ ዋጋ በ810,000 ብር ገደማ መውረድ፣ ማለትም ወደ 2,190,000 ብር መድረስ አለበት። አሁን የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ የሚመልሰው ጥያቄ ተጨባጭ ሆነ። አምስት ዓመት የሠራ ተመሳሳይ መሣሪያ በገበያ ከ2,190,000 ብር በላይ ያወጣል ወይስ አያወጣም? ይህን ከፋይናንስ ባለሙያ ይልቅ የሕክምና መሣሪያ ነጋዴውና የጥገና መሐንዲሱ ያውቁታል።

ግብር የማይከፍል ተከራይ

ይኸው መሣሪያ በይኸው ዋጋና ኪራይ የገቢ ግብር ለማይከፍል የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ቢቀርብስ? የኪራዩም የእርጅናውም የግብር ቁጠባ ይጠፋል፤ የሽያጩ ትርፍም ግብር የለበትም። ወለዱም የሚያስቀረው ግብር ስለሌለ ምጣኔው 10.5 ሳይሆን ሙሉው 15 በመቶ ይሆናል። በዚህ መሠረት መግዛት 8,508,470 ብር፣ መከራየት 8,866,450 ብር ያስወጣል። መግዛት በ357,980 ብር ይሻላል። «ግብር የማይከፍል ሁልጊዜ መከራየት ይበጀዋል» የሚባለው አባባል እዚህ አልሠራም። እንደዚያ የሚሆነው አከራዩ ከእርጅና ቅናሹ ያገኘውን የግብር ጥቅም በኪራዩ ላይ ቀንሶ ለተከራዩ ሲያካፍል ነው። ያንን ማካፈሉ የሚታወቀው በስሌት እንጂ በአከራዩ ቃል አይደለም።

እዚህ ላይ የሚያሳስተው ግማሹን ማስተካከል ነው። የግብር ቁጠባዎቹን ሰርዞ ምጣኔውን በ10.5 በመቶ የተወ ሰው ልዩነቱን 1,333,474 ብር ያደርሰዋል፤ ከእውነተኛው አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ክፍያው ከግብር በኋላ ከሆነ ምጣኔውም ከግብር በኋላ ይሁን፤ ክፍያው ግብር የማይነካው ከሆነ ምጣኔውም እንዲሁ ይሁን።

ባንኩ ባያበድርስ?

አሁን በአገራችን ሁኔታ ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ ላንሣ። «መምህር፣ ክሊኒኩ በ15 በመቶ መበደር ይችላል ብለው ጀመሩ። ባንኩ ግን ሕንፃ ካላስያዝክ አላበድርም ቢለውስ?» ጥያቄው ትክክል ነው። አቻ ብድሩ በእውኑ ዓለም የማይገኝ ከሆነ 344,138 ብር የሚባለው ብልጫ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ብልጫ ነው።

በአገራችን የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሕግ የወጣበትም አንዱ ምክንያት ከዚህ ችግር ጋር ይያያዛል። ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 እና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 807/2005 ተደንግጓል። በኪራይ ዘመን የመሣሪያው ባለቤት አከራዩ ስለሆነ መሣሪያው ራሱ ዋስትና ይሆናል። መያዣ የሚሆን ቤት የሌለው አነስተኛ ድርጅት በዚህ በር መግባት ይችላል። ነገር ግን ለዚህ በር የሚከፈለው ስንት ነው?

ይህን ለማወቅ ክፍያዎቹን ከ7,700,000 ብር ጋር እኩል የሚያደርጋቸውን ምጣኔ እንፈልጋለን። ከግብር በኋላ 12.2 በመቶ ገደማ ይመጣል። በ0.7 ስናካፍለው ከግብር በፊት 17.4 በመቶ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ኪራዩ ወለዱ 17.4 በመቶ ከሆነ ብድር ጋር እኩል ነው። ከ15 በመቶው ብድር ይወደዳል፤ ግን መያዣ አይጠይቅም። ይህ አሐዝ ለሥራ አስኪያጁ ከማንኛውም የዛሬ ዋጋ ልዩነት ይልቅ የሚናገር ነው።

ብድሩን ማግኘት ለሚችል ክሊኒክ መልሱ ይግዛ የሚል ነው። ብድሩን ለማያገኝ ክሊኒክ ግን ምርጫው በመግዛትና በመከራየት መካከል መሆኑ ይቀርና በመከራየትና መሣሪያውን በመተው መካከል ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ወደ ኢንቨስትመንቱ እንመለሳለን። የራጁ ገቢ ይህን የ17.4 በመቶ ፋይናንስ ከፍሎ ለሥራው ሥጋት የሚገባውን ትርፍ ያስቀራል ወይ? ካስቀረ ውዱ ኪራይም ቢሆን ተገቢ ነው። ካላስቀረ መያዣ አለመጠየቁ አያድነውም።

የዘዴው ወሰን

በመጨረሻ ይህ ዘዴ የት ላይ እንደሚያቆም ልናገር። ኪራይን እንደ ብድር የምናየው ውሉ የማይቋረጥ ሲሆን ነው። ተከራዩ በሁለተኛው ዓመት መሣሪያውን መልሶ መገላገል የሚችል ከሆነ በኪራዩ ውስጥ የመተው መብትም ገዝቷል፤ ያ መብት ዋጋ አለው፣ በአቻ ብድርም አይለካም። ኪራዩ ጥገናንና ኢንሹራንስን የሚያካትት ከሆነም የእነዚህ ድርሻ አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ አለዚያ የአገልግሎትን ዋጋ ከገንዘብ ዋጋ ጋር እናደባልቃለን።

«ኪራይ በሒሳብ መግለጫ ላይ ዕዳ ሆኖ አይታይም» የሚለው የቆየ መከራከሪያም ኃይሉን አጥቷል። ከ2019 እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 16 አብዛኞቹን የተከራይ ግዴታዎች በሒሳብ መግለጫው ላይ እንደ ዕዳ ያስመዘግባል፤ የአጭር ጊዜና ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ኪራዮች ብቻ ሊተዉ ይችላሉ። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን የተቀበልን በመሆናችን ይህ እኛንም ይመለከታል። ደረጃው የክሊኒኩን ጥሬ ገንዘብም ሆነ ግብር አልለወጠም፤ ስለዚህ የዛሬው ስሌታችን እንዳለ ይቆማል። የለወጠው አቀራረቡን ነው፤ ድሮም ብድር የነበረውን በዕዳ ዓምድ ሥር አስቀመጠው።

ስለዚህ የኪራይ ውል በፊታችሁ ሲቀርብ በቅድሚያ ወደ ብድር ለውጣችሁ አንብቡት። ዛሬ ስንት ይሰጠኛል? ከግብር በኋላ መቼና ስንት ይወስድብኛል? ለእነዚሁ ክፍያዎች ባንክ ስንት ያበድረኛል? ሦስቱን ከመለሳችሁ ምጣኔው ራሱ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።